እህቴ፣ መኪናውን ከመግዛትሽ በፊት ዳሽቦርዱን እንዲህ እይው

እህቴ፣ የላክሽልኝን ማስታወቂያ አየሁት። 2012 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የሚሸጠው ግለሰብ። «ጋሼ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የትኞቹን መብራቶች ልይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልጆቹን የምታመላልሺበት መኪና ስለሆነ በሁለት መስመር ብቻ አልመልስልሽም። ረጋ ብለሽ አንብቢው። መኪናውን ልታዪ ስትሄጂም ስልክሽ ላይ ይኑር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዢልኝ። አብዛኛው ገዢ ሞተሩ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ ምንም መብራት ከሌለ «ንጹህ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሻጩም የሚያሳይሽ ይህንኑ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ በየጊዜው የማየው ግን ሌላ ነው። መብራት የማይበራው ችግር ስለሌለ ሊሆን ይችላል። አምፑሉ ስለተነቀለ ወይም በላዩ ላይ ስለተለጠፈበትም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ የኮምፒውተሩ ማህደር አንቺ ከመድረስሽ በፊት ስለተሰረዘ ነው። ስለዚህ የምታጣሪው «አሁን በርቷል ወይስ ጠፍቷል?» የሚለውን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መብራት ሊበራ በሚገባው ሰዓት በርቶ፣ ሊጠፋ በሚገባው ሰዓት በራሱ ጠፍቷል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።

ከመሄድሽ በፊት ለሻጩ የምትጽፊለት

መኪናውን አስነስቶ እንዳይጠብቅሽ ንገሪው። አጭር መልእክት ይበቃል። «ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማየት እፈልጋለሁ፣ እስክመጣ አታስነሳው» በይው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የሚታዩ ብዙ ችግሮች ሞተሩ ሲሞቅ ይደበቃሉ። ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ሞቆ ካገኘሽው ምክንያቱን ጠይቂ። ከሱቅ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ችግር የለውም። ግን ነገ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ እንድታይው ቀጠሮ ያዢ።

ሌላው፣ ሞተሩን አንቺው ራስሽ አስነሺው። ሻጩ «እኔ ላስነሳልሽ» ካለ አመስግነሽ ቁልፉን ተቀበዪው። የለመደ ሰው ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። መብራቶቹ በርተው የሚታዩባቸው ጥቂት ሰከንዶችም በዚያው ያልፋሉ። ዋናው ምርመራ ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ቁልፉን አዙሪ፣ ሞተሩን ግን አታስነሺ

ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጪ። የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ይቆይ። ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርጊና ዳሽቦርዱ በሙሉ እንዲታይ ያዢው። ቁልፉን ከማዞርሽ በፊት መቅረጽ ጀምሪ፣ መሀል ላይም አታቋርጪ። አሁን ቁልፉን መብራቶቹ ሁሉ እስኪበሩ ድረስ አዙሪና እዚያ ላይ አቁሚው። መኪናው በቁልፍ ሳይሆን በመጫኛ የሚነሳ ከሆነ፣ እግርሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺና ሁለት ጊዜ ተጫኚው። ቶዮታ ላይ የመጀመሪያው ለሬዲዮ ነው፣ ሁለተኛው መብራቶቹን ያበራል።

አሁን እጅሽን ሰብስቢና አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቂ።

በመጀመሪያው ቅጽበት ዳሽቦርዱ በመብራት ይሞላል። ይህ መኪናው ራሱን ሲፈትሽ ስለሆነ አያስደንግጥሽ። የሚያሳስበው በዚህ ሰዓት መብራት ሲገባው ጨለማ ሆኖ የቀረ ነው። አምስቱን በዓይንሽ ፈልጊያቸው። የሞተር ቅርጽ ያለው ቢጫው ቼክ ኢንጂን፣ የዘይት ጣሳ የሚመስለው ቀይ፣ የባትሪ ቅርጽ ያለው ቀይ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የኤቢኤስ ቢጫ፣ እና ፊቱ ላይ ኳስ ያለ የተቀመጠ ሰው የሚመስለው የኤርባግ መብራት። ከእነዚህ አንዱ ሳይበራ ከቀረ አምፑሉ ተቃጥሎ ነው ወይም ሆን ተብሎ ጠፍቷል። የተቃጠለ አምፑል አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ከአምስቱ መካከል ቼክ ኢንጂኑ ወይም ኤርባጉ ብቻ ጠፍቶ ካገኘሽው ግን እኔ እንዲሁ በአጋጣሚ ነው አልልም።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቁልፉ እዚያው እንዳለ፣ መብራቶቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ኤቢኤስ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በራሱ ይጠፋል። ኤርባጉም በቶዮታ ስድስት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ሁለቱ የየራሳቸው ኮምፒውተር አላቸው፤ ፍተሻቸውን ሲጨርሱ መብራታቸውን ራሳቸው ያጠፋሉ። የሞተሩን መነሳት አይጠብቁም። ዘይቱ፣ ባትሪው እና ቼክ ኢንጂኑ ግን ቶዮታ ላይ እንደበሩ ይቆያሉ። ሞተሩ ስላልዞረ የዘይት ግፊት የለም፣ ዲናሞውም ኃይል አያመነጭም፤ ስለዚህ መብራታቸው ትክክል ነው።

ይህን የምነግርሽ በአንድ ምክንያት ነው። ተጋጭቶ ኤርባጉ የፈነዳ መኪና አዲስ ኤርባግ ሳይገባለት ሊሸጥ ይችላል። አዲስ ኤርባግ ውድ ስለሆነ፣ ባዶውን ቦታ ሸፍኖ መብራቱን ብቻ ማታለል ይቀልላል። አንዱ ዘዴ የኤርባጉን መብራት ከሌላ መብራት ገመድ ጋር ማገናኘት ነው፤ ለምሳሌ ከዘይቱ ጋር። ያኔ ቁልፉ ሲዞር ይበራል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ገዢውም «በራ፣ ጠፋ» ብሎ ይረካል። አንቺ ግን ሞተሩን ሳታስነሺ ስለምትጠብቂ ታውቂዋለሽ። በራሱ ሰዓት መጥፋት የነበረበት የኤርባግ መብራት አሥር ሰከንድ አልፎ ከዘይቱና ከባትሪው ጋር አብሮ ከቆየ፣ ሞተሩ ሲነሳም እኩል ከእነሱ ጋር ከጠፋ፣ ሰው ነካክቶታል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም በርቶ ከቀረ ደግሞ እውነተኛ ብልሽት አለ ማለት ነው። በሁለቱም መንገድ፣ ለልጆች የሚገዛ መኪና ላይ ይህን ካየሽ ድርድር አያስፈልገውም። አመስግነሽ ሂጂ።

አሁን አስነሺው

ቪዲዮው ሳይቋረጥ አስነሺ። የባትሪው መብራት ወዲያው መጥፋት አለበት። የዘይቱም በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። ቼክ ኢንጂኑ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ፤ ቀዩ የፍሬን መብራት ይጥፋ። የእጅ ፍሬኑ ተለቆ ቀዩ ካልጠፋ የፍሬን ዘይት ጎድሏል። ይህ ብዙ ጊዜ የፍሬን ሸራው ማለቁን ያሳያል፣ አንዳንዴም ፍሳሽ መኖሩን። ቀዩ ፍሬን እና ቢጫው ኤቢኤስ አብረው በርተው ከቀሩ ጉዳዩ ከሸራ ያልፋል። ያንን መኪና መንገድ ላይ አውጥተሽ አትሞክሪው።

የባትሪው መብራት ስሙ እንደሚመስለው የባትሪውን ዕድሜ አይነግርሽም። የሚነግርሽ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ መሆን አለመሆኑን ነው። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ቢበራ «ባትሪ ቀይሪለት ብቻ» የሚል መልስ አትቀበዪ።

ኮሮላው ላይ `MAINT REQD` የሚል ጽሑፍ በርቶ ብታገኚው አትጨነቂ። ካለፈው ዘይት ቅየራ ወዲህ 5,000 ማይል ሲሞላ የሚበራ ቆጣሪ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ባለቤቱ ግን ሰርቪስ ማድረግ ወይም ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ዘንግቶ ሊሆን ይችላል፤ የመጨረሻውን የዘይት ቅየራ ደረሰኝ ጠይቂው። የጎማ አየር መብራቱም እንዲሁ ቀላል ነው። ዝም ብሎ ከበራ ጎማ አየር ጎድሎታል። አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ደግሞ በጎማው ውስጥ ያለው ሴንሰር አልሠራም ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ የሴንሰሩ ባትሪ ማለቁ የተለመደ ነው። ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሚበት እንጂ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

መንገድ ላይ አውጪው

ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ንጂው። የመንደር መንገድም የፍጥነት መንገድም ይኑርበት። ሁለት ነገር እየጠበቅሽ ነው።

አንደኛው ቼክ ኢንጂን ነው። እየነዳሽ ሳለ ብልጭ ድርግም ካለ አንዱ ሲሊንደር በትክክል እየተቃጠለ አይደለም። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያበላሻል። ቀስ ብለሽ ጥግ ያዢና መልሺለት። ብልጭ ሳይል ዝም ብሎ ከበራ ምክንያቱ ከላላ የቤንዚን ክዳን እስከ ውድ ጥገና ሊሆን ይችላል። ሻጩ «የቤንዚን ክዳኑ ነው» ካለሽ በቃሉ ብቻ አትለፊው፤ ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ኮድ ራሱ ይናገራል፣ ወደዚያ እመጣለሁ።

ሁለተኛው የዘይት ግፊት ነው። ሃያ ደቂቃ ከነዳሽው በኋላ ሞተሩ ሞቋል፣ ዘይቱም ቀጥኗል። ደልዳላ ቦታ ቁሚ። ካምቢዮው ዲ ላይ እንዳለ ፍሬኑን በደንብ ረግጠሽ ኤሲውን ክፈቺ። ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ላይ ጫና ተሸክሞ ይቆያል። አንድ ደቂቃ ያህል የዘይት ጣሳውን መብራት ብቻ እይ። ፈዘዝ ብሎ እንኳ ብልጭ ካለ የዘይቱ ግፊት ወርዷል። ሞተሩ ውስጡ የተበላ ሊሆን ይችላል፣ ዘይቱ ጎድሎም ሊሆን ይችላል። ዝቅ ያለው ዘይት ብቻ ይሁን አይሁን በመለኪያ ዘንጉ ታያለሽ፤ ሞተሩን አጥፍተሽ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂና አውጪው። ዘይቱ ልኩ ላይ እያለ መብራቱ ብልጭ ካለ ያንን ሞተር እኔ አልገዛም። ይህ መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት ስለሆነ፣ ሲበራ ጉዳቱ ጀምሯል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የሙቀት መለኪያውን ከዓይንሽ አታርቂው። ከመሀል አልፎ ከወጣ ወይም ቀዩ የሙቀት መብራት ከበራ እዚያው አጥፊው።

መብራት የማያሳየውን ማንበብ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ማንኛውም ሰው ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ሰክቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቼክ ኢንጂኑን ማጥፋት ይችላል። ብልሽቱ እንዳለ ነው፤ የጠፋው መብራቱ ብቻ ነው። ለብዙዎቹ ብልሽቶች ኮምፒውተሩ ችግሩን በሁለት የተለያየ ጉዞ ላይ ካላየው መብራቱን መልሶ አያበራም። ስለዚህ ሻጩ ጠዋት አጥፍቶት አንቺ ከሰዓት ብትደርሺ፣ ሃያ ደቂቃውን ነድተሽ ምንም ላታዪ ትችያለሽ።

ለዚህ ማንበቢያ ያስፈልግሻል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ኦቢዲ ሁለት የሚባለው አንድ ዓይነት መሰኪያ አላቸው። ከመሪው በታች፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ በጉልበትሽ አካባቢ ታገኚዋለሽ። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ትንሹ ማንበቢያ ርካሽ ነው፤ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆችም ይሸጡታል። ቁልፉን መብራቶቹ የሚበሩበት ላይ አድርገሽ ሰኪውና አፑን ክፈቺ። ሦስት ነገር ብቻ ፈልጊ።

የመጀመሪያው ኮዶቹ ናቸው። አፑ በሦስት ከፍሎ ያሳይሻል። `Stored` ወይም `Confirmed` የሚለው መብራቱን የሚያበራው ነው። `Pending` አንድ ጊዜ ታይቶ ማረጋገጫ የሚጠብቅ ነው። `Permanent` የሚለው ደግሞ ከ2010 ሞዴል ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የገባ ነው፤ በማንበቢያ አይሰረዝም፣ ባትሪ ቢነቀልም አይጠፋም። መኪናው ራሱ ፍተሻውን ደግሞ ችግሩ መፈታቱን ካላረጋገጠ እዚያው ይቀመጣል። ይህን ሻጩ እንዲያነብልሽ አትተዪለት፤ በራስሽ አንብቢው፣ ፎቶም አንሺው። የቤንዚን ክዳን ጉዳይ ከሆነ `P0455` ወይም `P0457` ታያለሽ። `P0300` ካየሽ የማቃጠል ችግር ነው። `P0420` ደግሞ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሥራውን በደንብ እየሠራ አይደለም የሚል ነው።

ሁለተኛው `Readiness` ወይም `I/M Monitors` የሚለው ገጽ ነው። ኮምፒውተሩ ካታሊቲኩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹን፣ የቤንዚን ትነት መቆጣጠሪያውን በየተራ ይፈትሻል። ማህደሩ ሲሰረዝ የእነዚህ ፍተሻ ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ መኪናው እየተነዳ እያንዳንዱን እንደገና ይጨርሳል። የካታሊቲኩ እና የትነቱ ፍተሻ ቶሎ አያልቁም፤ ብዙ ጊዜ የቀናት መንዳት ይፈልጋሉ። የትነቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ሞተርና በጣም ያልሞላ በጣም ያልጎደለ ታንከር ይፈልጋል። ስለዚህ `Incomplete` ወይም `Not Ready` የሚል ሁለት ሦስት መስመር ካየሽ፣ የዚህ መኪና ማህደር በቅርብ ቀን ተሰርዟል።

ሦስተኛው `Distance since codes cleared` ነው። ኮዶቹ ከተሰረዙ ወዲህ ስንት ማይል እንደተነዳ ይቆጥራል። ሁሉም አፕ አያሳይሽም፤ ካሳየሽ ግን ከማንኛውም ነገር በላይ ይህን እይ። በሺህ የሚቆጠር ማይል ካሳየ ጥሩ ነው። አሥራ አምስት ማይል ካሳየ ግን ጠይቂው።

አንዱን ጉዳይ ከነዝርዝሩ

የአክስታችን ልጅ ቨርጂኒያ ሳለ ያገኘውን ልንገርሽ፤ የእሱም ያው 2012 ኮሮላ ነበር። ቪዲዮውን ላከልኝ፤ አየሁት። ቁልፉ ሲዞር አምስቱም በሩ። ኤቢኤስና ኤርባግ በየሰዓታቸው ጠፉ። ሞተሩ ሲነሳ የቀሩት አብረው ጠፉ። መንገዱም ችግር አላሳየም። ዳሽቦርዱን ብቻ ብናይ ኖሮ ገንዘቡን ይሰጥ ነበር።

ከዚያ ማንበቢያውን ሰካ። `Stored` ኮድ የለም። `Pending` የለም። ፍተሻዎቹ ላይ ግን ካታሊቲኩ፣ የትነቱ እና የኦክስጅን ሴንሰሩ አላለቁም። ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳው ዘጠኝ ማይል ብቻ ነው። `Permanent` የሚለውን ሲከፍት `P0420` ቁጭ ብሏል።

ሻጩ «ትናንት ባትሪ ቀይሬለት ነው» አለው። ይህ የተለመደ መልስ ነው፤ ግማሹ እውነትም ሊሆን ይችላል። ባትሪ ሲነቀል ፍተሻዎቹ ወደ ዜሮ ሊመለሱ፣ ቆጣሪውም ሊሰረዝ ይችላል። ባትሪ መቀየር ግን ከዚህ በፊት ያልነበረ `P0420` አይፈጥርም። `Permanent` ላይ መገኘቱ ይህ መኪና ይህንን ችግር ቀድሞ እንዳረጋገጠው ይናገራል። ኮዱ ብቻውን «ካታሊቲኩን ቀይር» ማለት እንዳልሆነም ነገርኩት። ከማርሚታው በፊት ጭስ የሚያፈስ ቀዳዳ ቢኖር ወይም የኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ቢበላሽ ያው ኮድ ይወጣል። ካታሊቲኩ ራሱ ከሆነ ግን ወጪው ከሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል።

ያለው ምርጫ ሁለት ነበር። አንዱ መካኒክ ዘንድ ወስዶ አስፈትሾ ዋጋውን ማስቀነስ። ሌላው ሻጩ ራሱ ሳምንቱን በሙሉ እንዲነዳው መጠየቅ። ሁለተኛውን መረጠ። «ዋጋው ላይ ተስማምተናል፤ በተለመደው መንገድህ ንዳው፣ ቅዳሜ መጥቼ ላንብበው፤ ፍተሻዎቹ ካለቁና ኮድ ከሌለ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ» አለው። ለንጹህ ሻጭ ይህ ጥያቄ ቀላል ነው፤ መኪናውን ለማንኛውም ይነዳዋል። አርብ ላይ ሻጩ ራሱ ደውሎ መብራቱ እንደበራ ነገረው። እሱም ተወው።

አንቺ ሜሪላንድ ስለሆንሽ ይህ ለልቀት ምርመራም ይመለከትሻል። ቪኢአይፒ የሚባለው ምርመራ የመኪናውን ኮምፒውተር ያነባል። ቼክ ኢንጂኑ ከበራ መኪናው አያልፍም፤ ፍተሻዎቹ ሳያልቁ ብትወስጂውም ሊመልሱሽ ይችላሉ። ከ2001 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች ላይ የተለመደው ደንብ አንድ ያላለቀ ፍተሻ ብቻ መታገስ ነው። ሻጩ ያጠፋው መብራት እዚያ ስትደርሺ የአንቺ ወጪ ይሆናል።

ማንበቢያውም ገደብ አለው

ርካሾቹ ማንበቢያዎች የሚያዩት የሞተሩን ኮምፒውተር ብቻ ነው። የኤርባጉን እና የኤቢኤሱን ኮድ አብዛኞቹ አያነቡም። ለዚያ ነው የቁልፉን ምርመራ በቪዲዮ አጥብቄ የያዝኩሽ፤ ለኤርባጉ በእጅሽ ያለው መሣሪያ እሱ ነው። መብራቶቹ ሁሉ ትክክል ከሆኑና መኪናውን ከወደድሽው፣ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ዘንድ ወስደሽ ወደ ላይ አስነስተው ይዩልሽ። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ እሱም ራሱ መልስ ነው።

ሌላው፣ አንዳንድ የኤርባግ ችግር ምንም መብራት አያበራም። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቶዮታ ከ2011 እስከ 2019 ያሉ ኮሮላዎችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ በግጭት ጊዜ የኤርባጉ ኮምፒውተር ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል የሚል ነበር። ከ2003 እስከ 2013 ያሉ ኮሮላዎችም በታካታ የኤርባግ ጥሪ ውስጥ ነበሩ። የአንቺ 2012 ሁለቱም ውስጥ ይወድቃል። ሁለቱም ጥገናዎች ባለቤቱን ምንም ሳያስከፍሉ በቶዮታ ወኪል ይሠራሉ፤ መሠራት አለመሠራታቸውን ግን ዳሽቦርዱ አይነግርሽም።

ይህን የምታውቂው በሻሲ ቁጥሩ ነው። በሹፌሩ በኩል፣ ከፊት መስታወቱ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ከውጭ ሆነሽ የሚነበብ 17 ፊደልና ቁጥር አለ። በስልክሽ `nhtsa.gov/recalls` ላይ ገብተሽ አስገቢው። ያልተሠራ ጥሪ ካለ ይጽፍልሻል፤ ነፃ ነው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ያልተሠራ ጥሪ መኖሩ መኪናውን ለመተው ምክንያት አይደለም። ከገዛሽው በኋላ ልጆቹን ከማሳፈርሽ በፊት ወኪሉ ጋ ቀጠሮ ያዢ።

ቪዲዮውን እና የአፑን ሦስት ገጾች ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ የሻሲ ቁጥሩንም ጨምሪ። ቪዲዮው ከቁልፉ በፊት ጀምሮ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሃያ ሰከንድ ይቆይ። ኤርባጉ የጠፋበትን ሰከንድ እኔ ራሴ እቆጥረዋለሁ።